የፒኤምፒ ሰርተፍኬትን በመዝገብ ማጣራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስሙን መዝገቡ ላይ ፈልገን አጣነው፤ ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ሐሰተኛ ነው።»

ይህ ድምዳሜ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባሉ የቅጥር ኮሚቴዎች ዘንድ ሲደጋገም መስማት አድክሞኛል፤ ጥፋት የሌለበትን ባለሙያ ከውድድር ያስወጣልና። የፕሮጀክት ሥራ አመራር ሰርተፍኬት የሆነውን ፒኤምፒን የሚሰጠው ተቋም፣ ፒኤምአይ፣ በ pmi.org ላይ ለሕዝብ የከፈተው መዝገብ የሚፈለገው በቤተሰብ ስም ነው። እኛ የምንጠራው በአባትና በአያት ስም በመሆኑ በቤተሰብ ስም ሣጥን ውስጥ አንዱ ተመዝጋቢ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ያስገባል። የላቲን አጻጻፋችንም አንድ ወጥ አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የሥራ ተቋራጭ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ያቀረበልኝ የአንድ አመልካች ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኮሚቴው ከዲግሪው ላይ የአያቱን ስም ወስዶ፣ አገሩን ኢትዮጵያ ብሎ ፈልጎ ነበር። ሰርተፍኬቱ ላይ የሰፈረው ግን የእርሱና የአባቱ ስም ብቻ ነው፤ የአባቱ ስም «ይሄይስ» በዲግሪው ላይ Yiheyis፣ በሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ Yeheyes ተብሎ ተጽፏል። የአባቱን ስም ከሰርተፍኬቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጠን፣ የራሱን ስምና አገሩን ባዶ ትተን ስንፈልግ ወዲያው ወጣ። ሰርተፍኬቱን ያገኘው ዱባይ ሲሠራ ስለነበር አድራሻው በዚያው ተመዝግቦ ቆይቷል።

እንዲህ ተፈልጎም ካልተገኘ፣ ባለ ሰርተፍኬቱ ስሙ በሕዝብ መዝገብ እንዳይታይ መርጦ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የፒኤምአይ አካውንቱን በፊታችሁ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ወይም የዲጂታል ባጁን ሊንክ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ሊንኩን በራሳችሁ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ የስክሪን ፎቶ ማንም ሊያስተካክለው ስለሚችል አትቀበሉ።

«ስሙ ከተገኘ በቂ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ በመዝገቡ ላይ ያለውን የተገኘበትን ቀን ሰርተፍኬቱ ላይ Original Grant Date ከሚለው ጋር አስተያዩ። ቀኖቹ ካልገጠሙ የሌላ ሰው መዝገብ እያያችሁ ሊሆን ይችላል።

«ፒኤምፒ አንዴ ከተገኘ የዕድሜ ልክ ነው» የሚሉም አሉ፤ ባለሙያው በየ3 ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ አሟልቶ ካላደሰው ለ1 ዓመት ይታገዳል፣ ከዚያም ይሰረዛል። ስለዚህ ከስሙ አጠገብ ያለውን ሁኔታ ሳታነቡ ገጹን አትዝጉ።

በሒሳብ ሙያ በኩል፣ ኤሲሲኤ የተባለውን የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ፈተናዎች በሙሉ ያለፈ ሁሉ አባል የሚመስላቸው አሉ። አባል ለመሆን ግን ከፈተናው ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድና የሥነ ምግባር ትምህርት ያስፈልጋል፤ በአባላት ማውጫው የሚፈለጉትም አባላት ናቸው። ፈተናውን ጨርሶ ልምዱን ያላሟላ ሰው በዚያ ቢታጣ ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ በማመልከቻው ላይ «አባል ነኝ» ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባል።