«ሲመጣ እነግራታለሁ» እና ሌሎች ስለ መጀመሪያ የወር አበባ የሚባሉ ስህተቶች

«ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ ሲመጣ እነግራታለሁ።»

ይህን ከእናቶች ደጋግሞ መስማት ያሰለቻል። የመጀመሪያው ደም እናት ቤት እስክትገባ አይጠብቅም፤ ልጅቷን ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዋን ሊያገኛት ይችላል። ያልተነገራት ልጅ ደግሞ የተጎዳች ወይም የታመመች ይመስላታል።

አብዛኞቹ ልጆች የሚያዩት 12 እና 13 ዓመት አካባቢ ነው፤ በ10 ዓመታቸው የሚያዩም አሉ። ስለዚህ ዕድሜዋን ብቻ ሳይሆን ሰውነቷን ተመልከቺ። ጡቷ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይመጣል። ፓንቷ ላይ ነጣ ያለ ፈሳሽ መታየት ከጀመረ ደግሞ የቀረው ጥቂት ወራት ሊሆን ይችላል።

ወሬውን ልብስ ስታጣጥፉ ወይም ፀጉሯን ስትሠሪላት ጀምሪው፤ ፊት ለፊት ካስቀመጥሻት ታፍራለች። ቃሉም ቀላል ይሁን፦ «የኔ እናት፣ ከእምብርትሽ በታች ማህፀን የሚባል አካል አለ። በየወሩ ውስጡን ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ሽፋኑ ሳያስፈልግ ሲቀር ከደም ጋር ይወጣል። የሚወጣው በሽንትሽ በኩል አይደለም፤ ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ አለ። ቁስል አይደለም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ይቆማል።»

ብዙ እናቶች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ቀይ ሳይሆን ቡናማ ነጠብጣብ ነው። ቀይ ደም የጠበቀች ልጅ ሰገራ ያመለጣት መስሏት ፓንቷን ትደብቃለች። ቀለሙን አስቀድመሽ ንገሪያት።

«ያ ሁሉ ደም ሲፈሳት ትደነግጣለች።»

በቀናቱ ሁሉ የሚወጣው ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። በአፍ ከመንገር አሳያት። አንድ ሞዴስ ፍቺና ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት ልጣ ራሷ ፓንት ላይ ትለጥፈው። ክንፍ ካለው ክንፉ በፓንቱ ሥር ይታጠፋል። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀዘቀዘ ከርከዴ ቀስ እያለች ታፍስበት። ሲመጥጠው ስታይ ፍርሃቷ ይቀንሳል፤ ጥቂት ፈሳሽም ብዙ ቦታ እንደሚያለብስ ትረዳለች። ጀማሪዎች ሞዴሱን ወደ ፊት አብዝተው ይለጥፉትና ሲተኙ ደሙ በኋላ በኩል ያልፋል፤ ለማታ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው።

ባይሞላም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቀየር። ያገለገለው በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል፤ ሽንት ቤት ከተጣለ ቧንቧ ይደፍናል። ጨርቅ የምትጠቀም ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። በእፍረት ፍራሽ ሥር የሚደበቅ እርጥብ ጨርቅ ነው ማሳከክና ሽታ የሚያመጣው። ደም የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል።

ለደብተር ቦርሳዋ ደግሞ በትንሽ ከረጢት ሁለት ሞዴስ፣ አንድ ንጹሕ ፓንት፣ ሶፍትና ፌስታል አዘጋጂላት። የት እንዳለ እንድታውቅ እሷው ታስቀምጠው።

«በወር አበባ ገላ መታጠብ ያሳምማል።»

አያሳምምም። በየቀኑ ትታጠብ፤ ሳሙና ግን ወደ ውስጥ አይግባ።

«ቶሎ የመጣባት ከወንድ ጋር ተነካክታ ነው።»

ይህ ልጅን የሚያስደበድብ ውሸት ነው። የወር አበባን የሚያስጀምሩት ከአንጎልና የሴት እንቁላል ከሚያዘጋጀው አካል፣ ከእንቁልጢ፣ የሚመነጩ ሆርሞኖች ናቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ» የሚለው ማስፈራሪያም ያው ነው። እጅ በመጨባበጥ፣ አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ እርግዝና የለም፤ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። የፈራች ልጅ ሰው በደል ሲፈጽምባት እንኳ ለእናቷ አትናገርም፤ ስለዚህ «ማንም ሰው የግል አካልሽን ቢነካ ለኔ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» በያት።

«በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ካልመጣ ታማለች።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው፤ ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለያይ ይችላል። የጀመረበትን ቀን ካሌንደር ላይ ምልክት ታድርግ። ጤና ጣቢያ የሚያስኬደው ከ7 ቀን በላይ ሲፈስ፣ ሞዴስ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት እየሞላ ሲቀጥል፣ ከጀመረ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠፋ፣ ወይም እስከ 15 ዓመቷ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር ነው።

«ቁርጠቱን ትቻለው፣ ሴት ናት።»

የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ከእምብርቷ በታች አድርጊላት። ካልተሻላት ማስታገሻ አለ፤ መጠኑን ግን ፋርማሲስቱ በክብደቷ ይወስን እንጂ ያንቺን ኪኒን ከፍለሽ አትስጫት። በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ሕመም ከሆነ ለሐኪም ይታይ።