በእስራኤል የግዴታ ጡረታ ዕድሜ እና ከ67 ዓመት በኋላ መሥራት የሚፈልግ ሠራተኛ መብት

በእስራኤል አንድ ሠራተኛ 67 ዓመት ሲሞላው አሠሪው በዕድሜው ምክንያት ብቻ ጡረታ እንዲወጣ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም አንድ ሲሆን፣ የተደነገገውም ክኔሴት በ2004 ባጸደቀው የጡረታ ዕድሜ ሕግ አንቀጽ 4 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ አሠሪው «ይችላል» ይላል እንጂ ሠራተኛው ሥራውን መተው «አለበት» አይልም፤ አሠሪና ሠራተኛ ከተስማሙ በ70ም በ75ም መሥራት አይከለከልም። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚያርፈው በዚህች የአንድ ቃል ልዩነት ላይ ነው።

ስለዚህ ሕግ በአማርኛ የተሟላ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ጉዳዩ ግን ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ከሌላው ይበልጥ ይቀርባል። ምክንያቱም በዘመቻ ሙሴም ሆነ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የገቡ ብዙ ወላጆች ሥራ የጀመሩት አገሬው ግማሽ የሥራ ዘመኑን በጨረሰበት ዕድሜ ነው።

ሁለቱ ዕድሜዎች

ብዙ ሰው የሚያምታታው ጡረታ የመውጣት መብት የሚገኝበትን ዕድሜና የግዴታውን ዕድሜ ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሥራ አቁሞ የጡረታ አበል መቀበል የሚችልበት ሲሆን ለወንድ 67 ነው። ለሴት ለብዙ ዓመታት 62 ሆኖ ቆይቶ፣ በ2021 በወጣው ማሻሻያ መሠረት በየደረጃው እያደገ ነው፤ በ1960 የተወለደች ሴት 62 ዓመት ከ4 ወር ሲሞላት፣ በ1962 የተወለደች 63 ሲሞላት፣ በ1970 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደች ደግሞ 65 ሲሞላት መብቱን ታገኛለች። ሁለተኛው፣ ማለትም አሠሪው ሊያስገድድ የሚችልበት ዕድሜ፣ ለሁለቱም ጾታዎች 67 ነው።

እንግዲህ በሴት ረገድ በሁለቱ ዕድሜዎች መካከል ያሉት ዓመታት የራሷ ናቸው። መውጣት ብትፈልግ ትወጣለች፤ መቆየት ብትፈልግ አሠሪዋ «ጊዜሽ ደርሷል» ሊላት አይችልም። በ63 ዓመቷ በዕድሜዋ ምክንያት የተሰናበተች ሴት ጡረታ የወጣች ሳትሆን በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረች ናት፤ በ1988 የወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግም በዕድሜ ማዳላትን ይከለክላል። በጽዳትና በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያሉ እናቶች ይህን ባለማወቃቸው ዝም ብለው ወረቀት የሚፈርሙበት ጊዜ አለ።

መብቱ እንዴት እንደመጣ

ለሴቶች በሩን የከፈተው የዶክተር ናኦሚ ኔቮ ጉዳይ ነው። ዶክተር ኔቮ በአይሁድ ኤጀንሲ (በ«ሶኽኑት») የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ነበሩ። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት ሴቶች በ60፣ ወንዶች በ65 ዓመታቸው ጡረታ ይወጡ ስለነበር እሳቸውም 60 ሲሞላቸው እንዲወጡ ተነገራቸው። ጉዳዩ ከሥራ ፍርድ ቤት ተነሥቶ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሰው «ባጋጽ» እስከሚለው ችሎት ድረስ ሄደ። በ1990 የተሰጠው ፍርድም ሴትን በጾታዋ ብቻ ቀድሞ ማስወጣት ማዳላት እንደሆነ ወሰነ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ክኔሴት በ1987 የወንድና የሴት ሠራተኞችን የጡረታ ዕድሜ እኩል የሚያደርግ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ አንዲት ሠራተኛ ያነሣችው ክርክር ሕግ አውጪውን ጭምር አነቃነቀ ማለት ነው።

ዕድሜው ወደ 67 እንዲያድግ ሐሳብ ያቀረበው በጡረታ ላይ የነበሩት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሾሻና ኔታንያሁ የመሩት የሕዝብ ኮሚቴ ነው። የ2004 ሕግም የጡረታ ፈንዶች ከፍተኛ ጉድለት ላይ በነበሩበት ሰዓት የወንዶችን ዕድሜ ከ65 ወደ 67፣ የሴቶችን ከ60 ወደ 62 አሳደገ።

ከ67 በኋላ መቀጠል ለሚፈልግ ሠራተኛ ግን ዋናው ፍርድ የመጣው በ2012 ነው። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የነበሩት ሊቢ ዌይንበርገር የግዴታው ዕድሜ ሲደርስ መቀጠል እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ብሔራዊው የሥራ ፍርድ ቤት አንቀጽ 4 ለአሠሪው የማሰናበት ሥልጣን ቢሰጠውም፣ ያንን ሥልጣን በጅምላ ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ላይ አስቦበት፣ በቅን ልቦና ሊጠቀምበት እንደሚገባ ወሰነ። ሠራተኛው ለመቀጠል ሲጠይቅ አሠሪው ጥያቄውን በቁም ነገር የመመርመር ግዴታ አለበት። በዕብራይስጥ ተናጋሪ የሕግ ሰዎች ዘንድ ይህ እስከ ዛሬ «ሂልኻት ዌይንበርገር»፣ የዌይንበርገር ደንብ እየተባለ ይጠራል።

ፍርዱ ሊመዘኑ የሚገባቸውን ነገሮችም አሳይቷል። በአንድ ወገን የሠራተኛው ሁኔታ አለ፦ ምን ያህል ዓመት እንደሠራ፣ ከጡረታ ፈንድ የሚያገኘው በቂ መሆኑ፣ የቤተሰቡና የኑሮው ነገር፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ጥቅም። በሌላው ወገን የመሥሪያ ቤቱ ፍላጎት አለ፦ በቦታው የሚተካ ሰው መኖሩ፣ ተራ የሚጠብቁ ወጣት ሠራተኞች፣ የኅብረት ስምምነቱ። ሙሉ በሙሉ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለት በፊትም መካከለኛ መንገድ፣ ለምሳሌ ግማሽ ቀን መሥራት፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ወይም ለተወሰነ ጊዜ ማራዘም ሊታይ ይገባል።

ቀጥሎ በፕሮፌሰር ሞሼ ጋቪሽ ስም የሚታወቀው አቤቱታ አንቀጽ 4 ራሱ የሰውን ክብርና እኩልነት ስለሚነካ ይሻር ብሎ ጠየቀ። ባጋጽ በ2016፣ በፕሬዚዳንቷ ሚርያም ናኦር መሪነት በተሰየመ ሰፊ ችሎት፣ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። የግዴታ ጡረታ እኩልነትን እንደሚነካ ፍርዱ አልካደም። ሆኖም እያንዳንዱን አዛውንት «አሁንም ይችላል ወይስ ደክሟል» እያሉ ከመፈተን ለሁሉም አንድ ቀን መቁረጥ ክብርን ይጠብቃል፣ ለወጣቱም ቦታ ይከፍታል ሲል ሕጉን አጸና። ጉዳቱን ከሚያቃልሉት ነገሮች አንዱ ሠራተኛው የመጠየቅና በግሉ የመታየት መብት ያለው መሆኑን ስለቆጠረ፣ የዌይንበርገር ደንብ በዚህ ፍርድ ይበልጥ ጠንክሮ ወጣ። የጋቪሽ ፍርድ ለሠራተኛው ሽንፈት ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ ጸሐፊ እይታ ግን የሥራ ፍርድ ቤቶች ለሠራተኛው ያቆዩለትን ጋሻ የሚያጸና ፍርድ ነው።

በተግባር፦ የአንዲት እናት ጉዳይ

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመታወቂያቸው ላይ በጥር 1957 እንደተወለዱ የተጻፈ እናት በ1991 በ34 ዓመታቸው ገቡ፤ ከ1998 ጀምሮ በአንድ የጽዳት ኮንትራት ድርጅት ስር ትምህርት ቤት ያጸዳሉ። በ2024 ጥር 67 ይሞላቸዋል።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት የሠሩት ያለ ጡረታ ቁጠባ ነው። አሠሪዎች ሁሉ ለሠራተኛ የጡረታ ገንዘብ እንዲያስቀምጡ የሚያስገድደው ትእዛዝ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነውና። በዚያ ዓመት የሚቀመጠው በድምሩ ከደመወዝ 2.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በየዓመቱ እያደገ ዛሬ ያለበት 18.5 በመቶ ላይ የደረሰው በ2017 ነው። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው የሠሩ ሴት በፈንዱ ያላቸው ቁጠባ ከሃያ ስድስት ዓመት ሥራ የተጠራቀመ አይደለም። ይህ በዌይንበርገር ሚዛን ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ ሳይነገር ከቀረ ግን አሠሪው ራሱ ፈልጎ አያገኘውም።

እኚህ እናት ማድረግ ያለባቸው ከስድስት ወር ያህል በፊት፣ ማለትም በ2023 ክረምት፣ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። አሠሪው አስቀድሞ መብታቸውን ሊያሳውቃቸው ይገባል የሚሉ ቢኖሩም በዚያ ላይ መተማመን አይበጅም። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ መቀጠል እንደሚፈልጉ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ከፈንዱ በወር የሚያገኙት ምን ያህል እንደሆነ (ፈንዱ የሚልከው ዓመታዊ ወረቀት ቢያያዝ ይመረጣል)፣ በቤት የሚረዱት ሰው ካለ፣ ሙሉ ቀን ካልተቻለ ግማሽ ቀንም እንደሚበቃቸው ይጻፍበት። ቅጂውን ቀን አስፍሮ ማስቀመጥ ግድ ነው። ከዚያ አሠሪው ጠርቶ ሊያነጋግራቸው ይገባል፤ ዕብራይስጡ የሚከብዳቸው ከሆነ ልጃቸውን ወይም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ይዘው መግባት ይችላሉ።

ጥያቄው በእውነት መመርመሩና አለመመርመሩ ከመልሱ ይታወቃል። «በሕጉ መሠረት በ67 ማቆም ግዴታ ነው» ወይም «በድርጅታችን ከ67 በላይ ማንንም አናስቀጥልም» የሚል አንድ መስመር ከመጣ፣ የእኚህ ሴት ጉዳይ አልታየም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ መልስ ራሱ ለክስ ማስረጃ ይሆናል። ያነሡትን ነጥብ ጠቅሶ፣ ግማሽ ቀን ለምን እንዳልተቻለ አስረድቶ የሚከለክል ደብዳቤ ግን በፍርድ ቤት ሊጸና ይችላል። የዌይንበርገር ደንብ የመታየት መብት እንጂ የመቀጠል ዋስትና አይደለምና። ክሱ የሚቀርበው ለአካባቢው የሥራ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው የፍትሕ ሚኒስቴርን የሕግ ድጋፍ ክፍል ጠበቃ መጠየቅ ይችላል። ሥራው አንዴ ከተቋረጠ በኋላ የሚገኘው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ካሳ እንጂ ወደ ቦታ መመለስ ስላልሆነ፣ ቀኑ ሳይደርስ መንቀሳቀስ ይሻላል።

ለመቀጠል የተፈቀደለት ሰው ስለ ሦስት የገንዘብ ጉዳዮች ማወቅ አለበት። ከ67 እስከ 70 ዓመት የብሔራዊ መድን ተቋሙ «ቢቱዋህ ለኡሚ» የእርጅና አበሉን የሚሰጠው የሥራ ገቢውን መዝኖ ነው፤ ገቢው ከገደቡ በማለፉ አበሉ ከዘገየ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 5 በመቶ ይጨመርለታል፣ 70 ሲሞላው ደግሞ ገቢው ምንም ያህል ቢሆን አበሉን ያገኛል። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ እናት ገደቡን ላያልፉና ደመወዙንም አበሉንም ሊያገኙ ስለሚችሉ፣ «እሠራለሁና አይሰጠኝም» ብለው ሳያመለክቱ መቅረት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የሥራ አጥነት አበል ከ67 በኋላ የለም። ሦስተኛ፣ በጡረታ ዕድሜ ራሱ ሥራ የለቀቀ ሰው በስንብት ካሳ ሕግ ፊት እንደተሰናበተ ስለሚቆጠር «ፒጹይም» አይቀርበትም።

የተመዘገበው ዕድሜ

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ሌላም ችግር አለ። የልደት ወረቀት ሳይኖራቸው የመጡ ብዙዎች ዕድሜያቸው የተመዘገበው በግምት ነው። «በ1940 ተወለድኩ» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተናገረ ሰው ቁጥሩ እንዳለ ከተጻፈበት በወረቀት ላይ ከእውነተኛ ዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት ይበልጣል፤ 67 ሞላህ ሲባልም ገና 60 ሊሆን ይችላል። ይህን ለማስተካከል በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ አለ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት፣ ለ«ቤት ሚሽፓት ሻሎም» ነው። ማስረጃ የሚሆነው የወንድምና የእኅት የልደት ቅደም ተከተል፣ የልጆች ዕድሜ፣ የቅርብ ሰዎች ምስክርነት፣ አንዳንድ ጊዜም የሕክምና ምርመራ ነው። የስንብት ደብዳቤ ከመጣ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ በአሠሪም በዳኛም ዘንድ ጥርጣሬ ስለሚያስነሣ፣ ከጡረታው ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ምስክር የሚሆኑት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ማቅረቡ ይመረጣል።