አክሩዋልና ዲፕሪሲዬሽን በአንድ ካርታ ላይ

አክሩዋል ብሩ ገና ያልተከፈለ ወጪን መመዝገብ ነው፤ ዲፕሪሲዬሽን ደግሞ የንብረትን ዋጋ በሚያገለግልበት ዘመን ላይ በወጪነት ማከፋፈል። በሂሳብ አያያዝ ትምህርት በተለያየ ምዕራፍ ስለሚመጡ ዝምድናቸው አይታይም። ወረቀት ላይ ሲሳሉ ግን ወንድማማቾች ናቸው።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ እንበል። መሰንጠቂያ ማሽን በ120,000 ብር ገዝቷል። 5 ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻ ዋጋ አይቀረውም። የሰኔ መብራት 3,000 ብር ደግሞ የሚከፈለው ሐምሌ ላይ ነው።

ወረቀቱ መሃል «ወጪ ገቢ ባስገኘበት ወር ይመዝገብ» ብለህ ጻፍ። ሁለት ቀስት አውጣ። ወደ መብራቱ በሚሄደው ላይ «ብሩ ገና አልወጣም»፣ ወደ ማሽኑ በሚሄደው ላይ «ብሩ ድሮ ወጥቷል» በል። ቁም ነገሩ እዚህ ነው፤ ቃል የሌለው ቀስት ምንም አይነግርህም።

ቀጥሎ መንገዳቸው ይለያያል። መብራቱ «ተከፋይ ዕዳ» ይሆናል፣ ሐምሌ ሲከፈልም ይሰረዛል። የማሽኑ ደግሞ «የተጠራቀመ ዲፕሪሲዬሽን» ውስጥ ይገባና የማሽኑን የመዝገብ ዋጋ ይቀንሳል። በየወሩ 2,000 ብር፣ ማለትም 120,000 ለ60 ወር ሲካፈል። ስለዚህ የሰኔ ወጪ ከሁለቱ 5,000 ብር ነው። በሰኔ ለሁለቱ ከካዝና የወጣው ግን ዜሮ!

ብዙ ሰው ከዲፕሪሲዬሽን ወደ ጥሬ ገንዘብ ቀስት ይስላል፣ ለአዲስ ማሽን የሚጠራቀም ብር እየመሰለው። ቀስቱን እንደ ዓረፍተ ነገር አንብበው፦ «ዲፕሪሲዬሽን ካዝና ውስጥ ብር ያስገባል»። የትኛው ብር? ከማን? መልስ ካጣህ ቀስቱን አጥፋው።