የራዲዮሎጂ ሪፖርት አቀማመጥ፦ ቴክኒክ፣ ግኝትና ኢምፕሬሽን

የራዲዮሎጂ ሪፖርት ራዲዮሎጂስቱ ራጁን፣ ሲቲ ስካኑን፣ ኤምአርአዩን ወይም አልትራሳውንዱን አይቶ ታካሚውን ለላከው ሐኪም የሚጽፈው ጽሑፍ ነው። እኛ አገር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ጊዜ ታካሚው ራሱ ከፊልሙ ጋር ይዞት ይሄዳል። አቀማመጡ በአብዛኛው ዓለም ተመሳሳይ ነው። ከላይ የታካሚው ማንነትና የተላከበት ምክንያት ይጻፋል። ቀጥሎ ምርመራው እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ቴክኒክ፣ ከዚያ የታየውን ሁሉ የሚዘረዝረው ግኝት፣ በመጨረሻም ፍርዱን የያዘው ኢምፕሬሽን ይመጣል። ኢምፕሬሽኑ ውስጥ ሕክምና የሚቀይረው ነገር ቁጥር አንድ ላይ ይቀመጣል።

ይህ አቀማመጥ ባንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት የሚነገረው እንደ ደብዳቤ ነበር። "ውድ ዶክተር፣ የላኩልኝን ታካሚ አየሁ" ዓይነት ማለት ነው። ሁሉም እንደመሰለው ይጽፍ ስለነበር አንዱ ሐኪም የሌላውን ሪፖርት አንብቦ ፍሬ ነገሩን ለማግኘት ይቸገር ነበር።

ለውጡን በግልጽ ካነሡት አንዱ የዲትሮይቱ ፕሬስተን ሂኪ ነበር። በ1922 ሪፖርቶች ወጥ መልክና ወጥ ቃላት እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1923፣ ቻርልስ ኤንፊልድ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ሪፖርቱ ምን ድረስ መሄድ አለበት የሚለውን ጥያቄ አነሣ። ጥላውን ብቻ ገልጾ ማቆም በቂ ነው ወይስ ጥላው ምን ማለት እንደሆነም መናገር ይገባል? በዚያ ዘመን ራዲዮሎጂስትን እንደ ፎቶ አንሺ የሚያዩ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ፎቶውን አንሣልን፣ ትርጉሙን ለኛ ተወው የሚል መንፈስ ነበር። ኢምፕሬሽን የሚባለው ክፍል የሚመልሰው ይህንን ነው። ራዲዮሎጂስቱ ያየውን ብቻ ሳይሆን ያሰበውንም ጽፎ ይፈርምበታል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጉዳዩ በየሆስፒታሉ ልማድ ሲመራ ቆየ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 ለጡት ምርመራ ባይራድስ የተባለውን ደረጃ አወጣ። የአውሮፓ ራዲዮሎጂ ማኅበርም በ2011 ስለ ጥሩ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ አሳተመ።

አቀማመጡ ለምን እንደሚጠቅም ጎልቶ የሚታየው በሳንባ ደም ሥሮች ሲቲ ስካን ላይ ነው። ይህ ምርመራ የሚታዘዘው ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ደም ሥር ዘግቷል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ለማሳያ እንዲሆን የተዘጋጀ አንድ ታሪክ እንውሰድ። አንዲት የ52 ዓመት ሴት እግሯ ተሰብሮ ጄሶ ታስሮላታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድንገት ትንፋሽ ያጥራታል። ድንገተኛ ክፍል ትገባለች፣ ሲቲም ይታዘዝላታል።

ሳይለይ የተጻፈ ሪፖርት እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ "ጉበት ላይ 12 ሚሊ ሜትር የውሃ ከረጢት አለ። የጀርባ አጥንት የዕድሜ ለውጥ ያሳያል። በቀኝ ሳንባ ታችኛ ክፍል ዳር ላይ ነጭ ጥላ ይታያል። በቀኝ በኩል ትንሽ ፈሳሽ አለ። በግራ ሳንባ ላይኛ ክፍል 7 ሚሊ ሜትር ኖዱል አለ። በቀኝ ዋና የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ የረጋ ደም አለ። ቀኙ የልብ ክፍል ሰፍቷል።" ኖዱል የሚባለው ሳንባ ውስጥ የሚታይ ትንሽ ክብ እብጠት ነው። ሪፖርቱ አንድም ውሸት የለበትም። ግን ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም ፈጠን ብሎ ቢያነበው ነጩ ጥላ ላይ ቆሞ "ሳንባ ምች ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ ሊጀምር ይችላል። ገዳዩ ነገር የተጻፈው ከጉበቱ ከረጢትና ከጀርባ አጥንቱ በኋላ ነው።

ይኸው ታሪክ ሲለይ ከቴክኒክ ይጀምራል። ደም ሥሮች ደምቀው እንዲታዩ የሚወጋው ፈሳሽ፣ ኮንትራስት፣ 70 ሚሊ ሊትር በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር ፍጥነት ተሰጥቷል። በዋናው የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ብሩህነቱ በሲቲ መለኪያ 310 ሃውንስፊልድ ዩኒት ነው። በታችኛው የሳንባ ክፍል መጠነኛ የትንፋሽ እንቅስቃሴ አለ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ዘሎ ያልፋል፤ ያሳዝናል። ምክንያቱም "የረጋ ደም የለም" የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን የሚወሰነው እዚህ ነው። ኮንትራስቱ ደም ቅዳዎቹ ጋ በሰዓቱ ካልደረሰ ወይም ታካሚዋ ትንፋሽ መያዝ ካልቻለች ትናንሾቹ ቅርንጫፎች አይነበቡም። ያኔ ታማኝ ሪፖርት "እስከ ሎብ ደረጃ ድረስ የረጋ ደም አይታይም፤ ከዚያ በታች ያሉት በእንቅስቃሴ ምክንያት አይገመገሙም" ይላል። "አይታይም" እና "የለም" ባንድ ሚዛን አይቀመጡም። የቀድሞ ምርመራ ካለ ከየትኛው ቀን ምርመራ ጋር እንደተነጻጸረም እዚሁ አካባቢ ይጻፋል።

ግኝት ላይ አብዛኞቹ ራዲዮሎጂስቶች የአካል ቅደም ተከተል ይከተላሉ። መጀመሪያ ደም ሥሮች፣ ከዚያ ልብ፣ ሳንባ፣ የሳንባ ሽፋን፣ የሆድ ላይኛው ክፍል፣ መጨረሻ አጥንት። ለዚህ ጥሩ ምክንያት አለ። አንድ ትልቅ ነገር ያየ ዓይን ረክቶ ፍለጋውን ያቆማል፤ ሁለተኛው ነገር የሚያመልጠው ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉ ዓይኑ ሁሉም ጋ እንዲደርስ ያስገድደዋል። መለኪያውም እዚህ ይገባል። በኛ ታሪክ የቀኙ የልብ ታችኛ ክፍል 45 ሚሊ ሜትር፣ የግራው 34 ሚሊ ሜትር ነው። ሲካፈል 1.3 ይሆናል። ከ1 በላይ ሲሆን ቀኙ ልብ ጫና ላይ መሆኑን ያመለክታል።

ኢምፕሬሽኑ ከግኝቱ ተገልብጦ የሚጻፍ አይደለም። እዚህ ላይ ነገሮች በዝምድናቸው ይሰበሰባሉ። ነጩ ጥላ፣ ትንሹ ፈሳሽና የሰፋው ልብ ለየብቻ ሦስት በሽታ አይደሉም፤ ሦስቱም ከረጋው ደም ጋር ይሄዳሉ። ስለዚህ ኢምፕሬሽኑ እንዲህ ይወጣል፦

1. በቀኝ ዋና የሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ አዲስ የረጋ ደም፣ ቀኝ ልብ ላይ ጫና መኖሩን ከሚያሳዩ ምልክቶች ጋር። በቀኝ ሳንባ ታችኛ ክፍል ያለው ጥላ ደም በማጣት የተጎዳ የሳንባ ክፍል ይመስላል። ውጤቱ ለድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም በስልክ ተነግሯል።

2. በግራ ሳንባ ላይኛ ክፍል 7 ሚሊ ሜትር ጠጣር ኖዱል። ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ሲቲ ይደገም።

የጉበቱ ከረጢትና የጀርባው ለውጥ ግኝት ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ ዓይነቱ ከረጢት ምንም ዓይነት ሕክምና አይቀይርም። ስለ ኖዱሉ የተሰጠው ምክር የደረት ራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ስብስብ የሆነው የፍላይሽነር ማኅበር በ2017 ካወጣው መመሪያ ጋር ይሄዳል። መመሪያው ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ካንሰርም ሆነ የበሽታ መከላከል አቅም ማነስ ለሌለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ቲቢ በበዛበት አገር ብዙ ኖዱል የድሮ ቲቢ ጠባሳ ነው። ስለዚህ ኖዱሉ እንደ ቆየ ጠባሳ ሙሉ በሙሉ ካልሲየም የያዘ መሆን አለመሆኑን ግኝት ላይ መጻፍ ታካሚዋን ከከንቱ ወጪ ሊያድናት ይችላል።

የትኛው ግኝት ቀዳሚ ነው በሚለው ላይ ሁሉም አይስማማም። አንዳንዱ የሐኪሙ ጥያቄ መልስ ምንጊዜም ቁጥር አንድ ነው ይላል። የረጋ ደም አለ ወይ ተብሎ ከተጠየቀ መጀመሪያ አለ ወይም የለም ይባላል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚቀድመው አስቸኳዩ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው። የረጋ ደም ሳይገኝ ሳንባዋ በአየር ተጨፍልቆ ልቧ ወደ ጎን ቢገፋ፣ "የረጋ ደም የለም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሊቀድም አይችልም። ሁለቱም አስቸኳይ ካልሆኑ ግን የጥያቄው መልስ ቢቀድም ክፋት የለውም። ኢምፕሬሽኑን ራሱን ከገጹ አናት ላይ የሚያደርጉ ክፍሎችም አሉ። የሚያነበውን ሐኪም ጊዜ ይቆጥባል ይባላል፤ ሊሆን ይችላል።

ቁጥር አንድ ላይ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። በ2014 የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የሥራ ቡድን ግኝቶችን በጊዜ ከፈላቸው፦ በደቂቃዎች፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ መነገር ያለባቸው ብሎ። የዚህች ሴት የረጋ ደም በደቂቃዎች ከሚነገሩት ነው። ኖዱሉ ቀናት ይታገሣል። ስልክ ሲደወል ለማን እና በስንት ሰዓት እንደተነገረ ሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል። ሪፖርቱን ታካሚው ይዞ በሚሄድበት ቦታ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሰውየው ቤቱ ሊገባ ይችላላ።

ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ግኝት ላይ "ቀኝ" ተብሎ ኢምፕሬሽን ላይ "ግራ" ይጻፋል። ከቀድሞ ታካሚ የተቀዳ ፎርም ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና ለወጣላት ሴት "ማሕፀን ጤናማ" ይላል። ግኝት ውስጥ ፈጽሞ ያልተጠቀሰ ነገር ኢምፕሬሽን ላይ ብቅ ይላል። ወይም ሁሉም ነገር "ሊሆን አይችልም አይባልም" በሚል ቃል ታጥሮ ሐኪሙ ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመፈረም በፊት ኢምፕሬሽኑን ብቻ ማንበብ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ከግኝቱ ጋር ማገናኘት፣ ቀኝና ግራውን ምስሉ ላይ ማረጋገጥ።

ስሕተቱ ከፊርማ በኋላ ከተገኘ የቀድሞው ጽሑፍ አይሰረዝም። ማሟያ ይጻፋል፣ ቀንና ሰዓት ይሰጠዋል፣ ምን እንደተቀየረ በግልጽ ይባላል። ለውጡ ሕክምና የሚነካ ከሆነ ማሟያው ሲወጣ እንደገና ይደወላል፤ መጀመሪያ የተደወለለት ሐኪም ተረኝነቱን ጨርሶ ከሄደም ታካሚዋን ለተረከበው ይነገራል።