ሃይብሪድ ሰርች ምንድን ነው? ሁለቱን ሊስት አንድ የሚያደርገው አርአርኤፍስ?

አንድ ሰው የሕግ ሰነዶች የተሰበሰቡበት ሲስተም ላይ ገብቶ «1156/2011 ሰራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማባረር» ብሎ ጻፈ እንበል። የሚፈልገው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንቀጽ 27 ነው፣ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ የሥራ ውል ማቋረጥ የሚችለው መቼ መቼ እንደሆነ የሚዘረዝረውን። ችግሩ ሰውየው «ማባረር» ይላል፣ አንቀጹ ደሞ የሚያወራው ስለ «የሥራ ውል ማቋረጥ» ነው። ሰውየው «ሰራተኛ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎታል፣ አዋጁ በንጉሡ ሠ። ለኛ አንድ ናቸው፣ ፊደል ከፊደል ለሚያመሳስል ማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ይሄን ጥያቄ የምንፈልግበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የድሮው የኪዎርድ ሰርች ነው፣ ብዙ ጊዜ ቢኤም25 በሚባለው ቀመር የሚሰራው። የተጻፉትን ቃላት ሰነዶቹ ውስጥ ይፈልጋል፣ ሁሉም ሰነድ ላይ የሚገኝ ቃል ትንሽ ነጥብ ያገኛል፣ ጥቂት ሰነድ ላይ ብቻ ያለ ቃል ብዙ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ እንደ 1156 አይነት ቁጥር፣ የሰው ስም፣ የእቃ ኮድ ምናምን ሲመጣለት በጣም ጎበዝ ነው። ሁለተኛው የቬክተር ሰርች ነው፣ እዚህ ጋ ጥያቄውም ሰነዱም በሞዴል አልፈው ወደ ረጅም የቁጥር ዝርዝር ይቀየሩና ትርጉማቸው የተቀራረበ ነገሮች ቁጥራቸውም ይቀራረባል ተብሎ ነው የሚፈለገው። «ማባረር» እና «ውል ማቋረጥ» አንድ ሰፈር መሆናቸውን የሚያውቀው ይሄኛው ነው።

ግን ቬክተሩ ቁጥር ላይ ደካማ ነው። ለሱ 1156/2011 እና 1064/2010 ሁለቱም «የአዋጅ ቁጥር የሚመስል ነገር» ናቸው፣ በጣም ይቀራረባሉ። 1064/2010 ግን የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፣ የግል ድርጅት ውስጥ ለሚሰራ ሰው ያ መልስ የተሳሳተ መልስ ነው፣ እና ሰውየው እሱን አንብቦ መብቴ ይሄ ነው ብሎ ቢሄድ የሚጎዳው እሱ ነው። ኪዎርዱ ብቻውን ቢሆን ደሞ «ማባረር» የሚለውን ቃል ሲፈልግ ውሎ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ደጋግሞ የሚመጣበትን አንቀጽ 35ን አንደኛ ያደርጋል፣ እሱ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ርዝመት ነው የሚያወራው፣ ከተጠየቀው ተቃራኒ ማለት ይቻላል።

ሃይብሪድ ሰርች እንግዲህ ሁለቱንም በአንድ ጥያቄ ላይ አስኪዶ ሁለት ሊስት ተቀብሎ አንድ ሊስት አድርጎ መመለስ ነው። ሐሳቡ ይሄው ነው፣ ከባዱ «አንድ አድርጎ» የሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበው ነጥቦቹን መደመር ነው። አይሰራም፣ ለምን እንደማይሰራ ማየት ደሞ ጠቃሚ ነው። የኪዎርዱ ነጥብ ጣሪያ የለውም፣ አንዱ ጥያቄ ላይ 6 ሊሆን ይችላል ሌላው ላይ 30፣ እንደ ጥያቄው ቃላት ብዛትና ብርቅነት ይለያያል። የቬክተሩ ነጥብ ደሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ቦታ ላይ ታጭቆ ነው የሚገኘው፣ አንደኛው 0.84፣ አስረኛው 0.80 ምናምን። 18.4 ላይ 0.84 ብትደምሩ ቬክተሩ ምንም አልተናገረም ማለት ነው፣ ውጤቱ ያው የኪዎርዱ ሊስት ነው። እሺ ሁለቱንም ከ0 እስከ 1 እናምጣቸው ካላችሁ ደሞ ይሻላል ግን ሌላ ችግር ይመጣል፣ አንድ ሰነድ በአጋጣሚ በጣም ከፍተኛ ነጥብ ካገኘ እሱ 1 ይሆንና ሌሎቹ ሁሉ ታች ተጨፍልቀው ልዩነታቸው ይጠፋል።

አርአርኤፍ፣ ሙሉ ስሙ ሪሲፕሮካል ራንክ ፊውዥን፣ ይሄን ጭቅጭቅ የሚፈታው ነጥቡን ጭራሽ ባለማየት ነው። የሚያየው ደረጃውን ብቻ ነው፣ በዚህኛው ሊስት ስንተኛ ወጣህ በዛኛውስ ስንተኛ ወጣህ። ዘዴውን በ2009 ያቀረቡት ኮርማክ፣ ክላርክ እና ቡትቸር የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ ያኔ የዛሬው አይነት የቬክተር ሰርች ገና ስላልተለመደ ዓላማቸው የተለያዩ ሰርች ሲስተሞችን ውጤት ማዋሃድ ነበር። ቀመሩ ይሄ ነው፦

```
score(d) = Σ 1 / (k + rank(d))
```

ማለትም ሰነዱ በተገኘበት በእያንዳንዱ ሊስት ላይ 1 ለ (k ሲደመር ደረጃው) ይሰላና ይደመራል። ያልተገኘበት ሊስት ምንም አይሰጠውም። `k` ቋሚ ቁጥር ነው፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ 60 ነው የተለመደው፣ ኢላስቲክሰርች በሚባለው የሰርች ሶፍትዌር ላይ `rank_constant` የሚባለው እሱ ነው፣ እዛም ካልነካችሁት 60 ነው።

አሁን በጥያቄያችን ላይ እናስላው። ኪዎርዱ አንቀጽ 35ን 1ኛ፣ አንቀጽ 34ን 2ኛ፣ አንቀጽ 27ን 3ኛ አደረገ እንበል፣ የ1064ቱን አዋጅ ደሞ ቁጥሩ ስለማይገጥም ሊስቱ ውስጥ አላስገባውም። ቬክተሩ የ1064ቱን የስንብት አንቀጽ 1ኛ፣ አንቀጽ 27ን 2ኛ፣ አንቀጽ 35ን 7ኛ፣ አንቀጽ 34ን 12ኛ አደረገ።

```
አንቀጽ 27   1/63 + 1/62 = 0.0320
አንቀጽ 35   1/61 + 1/67 = 0.0313
አንቀጽ 34   1/62 + 1/72 = 0.0300
1064/2010  0    + 1/61 = 0.0164
```

ልብ በሉ፣ አንቀጽ 27 በየትኛውም ሊስት አንደኛ አልነበረም፣ ግን ሁለቱም ላይ ከላይ ስለነበረ አሸነፈ። የ1064ቱ አንደኛ ወጥቶም ምስክሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ታች ወረደ።

60 ለምን አስፈለገ የሚለው እዚሁ ምሳሌ ላይ ይታያል። `k`ን 0 አድርጉትና ደግማችሁ አስሉት፣ አንደኛ መውጣት 1 ሙሉ ነጥብ ይሆናል፣ ሁለተኛ 0.5፣ ሶስተኛ 0.33። ያኔ አንቀጽ 27 የሚያገኘው 0.83 ነው፣ የ1064ቱ 1.0 ያገኝና ይበልጠዋል፣ አንቀጽ 35 ደሞ 1.14 ይዞ ከሁሉም በላይ ይወጣል። ማለትም አንዱ ሊስት ላይ አንደኛ የወጣ ሁሉ ሌላውን አያስወራም። 60ው ይሄን ያረጋጋዋል፣ በ1ኛ እና በ10ኛ መሃል ያለው ልዩነት 0.0164 እና 0.0143 ብቻ ይሆናል፣ ስለዚህ ክብደቱ «አንደኛ ነህ ወይ» ከሚለው ወደ «ሁለቱም ያውቁሃል ወይ» ወደሚለው ይዞራል።

እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ60 ስታሰሉት ሁለቱም ሊስት ላይ 61ኛ የወጣ ሰነድ 2/121 ያገኛል፣ ይሄ 0.0165 ነው፣ አንዱ ሊስት ላይ ብቻ አንደኛ ከወጣው ይበልጣል! ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሊስት ስንት ውጤት ነው ለማዋሃድ የምናመጣው የሚለው ቁጥር (ኢላስቲክሰርች ላይ `rank_window_size`) ዝም ብሎ የሚሞላ ነገር አይደለም። 100 100 ካመጣችሁ ሁለቱም ጋ መሃል ሰፋሪ የሆኑ ሰነዶች አንዱ በትክክል ያገኘውን መልስ ሊያስወጡት ይችላሉ። በተለይ ሰው ኮድ ወይም ቁጥር ብቻ ጽፎ ሲፈልግ ይሄ ይታያል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ኪዎርዱ ጋ ብቻ ነው ያለው።

ኮዱ አጭር ነው፦

```python
def rrf(lists, k=60):
    scores = {}
    for ids in lists:
        for rank, doc_id in enumerate(ids, start=1):
            scores[doc_id] = scores.get(doc_id, 0) + 1 / (k + rank)
    return sorted(scores.items(), key=lambda x: -x[1])
```

አጭር ስለሆነ ግን አይሳሳትም ማለት አይደለም። እኔን አንዴ ሁለት ቀን ያስፈጀኝን ልንገራችሁ፣ ኪዎርዱ ሰነዱን በሙሉ መለያው ነበር የሚመልሰው፣ ቬክተሩ ደሞ ሰነዱ ተቆራርጦ ስለገባ `1156-27#0` የሚል የቁራጭ መለያ ይመልሳል። ለኮዱ ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፣ ስለዚህ ምንም አልተዋሃደም፣ ኤረርም አልመጣም፣ የወጣው ሊስት አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተፈራረቀ የተደረደረ ነበር። የሚታወቅበት ምልክት አለ፦ በሁለት ሊስትና በ60 ስትሰሩ ከፍተኛው ሊገኝ የሚችለው ነጥብ 2/61 ነው፣ ወደ 0.0328። ብዙ ጥያቄ ሞክራችሁ አንድም ጊዜ ከ0.0164 የሚበልጥ ነጥብ ካላያችሁ ሁለቱ ሊስቶች አንድም የጋራ ሰነድ የላቸውም ብላችሁ ጠርጥሩ፣ መጀመሪያ መለያዎቹን እዩ።

ሌላው፣ ይሄን ነጥብ እንደ እርግጠኝነት መለኪያ እንዳትጠቀሙበት። ቬክተር ሰርች «የለም» ማለት አይችልም፣ ገደብ ካላደረጋችሁበት ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ቢጠይቀው እንኳን ካሉት የሕግ አንቀጾች የሚቀርበውን መርጦ አንደኛ ነው ብሎ ይሰጣል፣ አርአርኤፍ ደሞ ደረጃውን ብቻ ስለሚያይ ያ አንደኛ እና ትክክለኛው አንደኛ ለሱ እኩል ናቸው። «ከዚህ ነጥብ በታች ከሆነ አልተገኘም በል» ማለት ከፈለጋችሁ ገደቡን ማድረግ ያለባችሁ ከመዋሃዱ በፊት በቬክተሩ የራሱ ነጥብ ላይ ነው።

አማርኛ ላይ ስትሰሩ ደሞ ሁለቱም ወገን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይቸገራሉ። ኪዎርዱ ጋ ሠ/ሰ፣ ሐ/ኀ/ሀ፣ ዐ/አ፣ ፀ/ጸ ጥያቄውም ሰነዱም ላይ ወደ አንድ ካልመጡ ብዙ ነገር ይጠፋል፣ ከዛ ደሞ «ከስራ»፣ «ለስራው»፣ «በስራችን» እያለ ፊቱና ኋላው ላይ የሚጣበቀው ሁሉ እንደ ሌላ ቃል ይቆጠራል፣ «ያለማስጠንቀቂያ» ተጣብቆ ሲጻፍና «ያለ ማስጠንቀቂያ» ተለያይቶ ሲጻፍም እንደዛው። ቬክተሩ ጋ ደሞ ሞዴሉ አማርኛን በደንብ ካልተማረ የማይገናኙ ነገሮችን ያቀራርባል። ይሄ ለአርአርኤፍ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱን እኩል ነው የሚያምነው፣ አንዱ ወገን ደካማ ከሆነ ጎበዙን ወደ ታች ይጎትተዋል። መፍትሄው ለእያንዳንዱ ሊስት ክብደት ማባዛት ነው፣ ለምሳሌ ኪዎርዱን በ1 ቬክተሩን በ0.5።

ክብደቱን በግምት ግን አታስቀምጡት። ሰዎች በእውነት የጻፏቸውን 50 ጥያቄዎች ከነፊደል ስህተታቸው ውሰዱ፣ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን ሰነድ በእጃችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ ኪዎርዱን ብቻውን፣ ቬክተሩን ብቻውን፣ የተዋሃደውን ደሞ ለብቻው አስኪዱና ትክክለኛው መልስ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሩ። የተዋሃደው ከሁለቱ ከተሻለው ካነሰ ችግሩ `k` ላይ ሳይሆን ደካማው ወገን ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ እና አማርኛ ላይ እኔ ሁሌም መጀመሪያ የማየው ፊደሎቹ ወደ አንድ መጥተዋል ወይ የሚለውን ነው።