ኢሜይል ዎርድ ላይ ሲለጠፍ ቆሻሻ የሚመስሉት ምልክቶች

«የኢሜይል ልውውጡን ዎርድ ላይ ፔስት ሳደርገው መስመሩ ይሰባበራል፣ > የሚል ምልክት ይሞላዋል፣ From እና Sent የሚሉት መስመሮች ደግሞ አሥር ጊዜ ይደጋገማሉ። ይህን ሁሉ ቆሻሻ ባንድ ጊዜ የማጠፋበት መንገድ ንገረኝ።»

ሥራዬ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ውል ላይ አባሪ የሚሆን፣ ኦዲተር የሚያየው፣ አንዳንዴም ጠበቃ የሚይዘው የኢሜይል ልውውጥ በእጄ ያልፋል። ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ የሚያናድደኝ ጥያቄው አይደለም። ሰው አጥፍቶ ከጨረሰ በኋላ መምጣቱ ነው። የጠፋውን መመለስ የሚቻለው ዋናው ኢሜይል ካለ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ኢሜይሉን የጻፈው ሰው ሥራ ለቆ፣ አካውንቱም ተዘግቶ ነው የምንደርሰው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልመልስ።

«> የሚለው ምልክት ምንም አይሠራም፣ Replace All ብለህ አጥፋው»

እባካችሁ ይህን ምክር ለሰው አትስጡ። ማን ምን እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ምንም ምልክት የሌለው መስመር የመጨረሻው ጸሐፊ ቃል ነው። አንድ > ያለው እሱ የመለሰለት ሰው ቃል ነው። ሁለት ያለው ደግሞ ከዚያም በፊት የተጻፈ ነው። ምልክቱን ባንዴ ካጠፋችሁት የሦስት ሰው ንግግር የአንድ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላም ችግር አለ፣ ይሄኛው በአማርኛ ላይ ይብሳል። በተራ ጽሑፍ የሚላክ ኢሜይል መስመሩ ሰባ ምናምን ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። የኢሜይል ደንቡም አንድ መስመር ከ78 ፊደል ባያልፍ ይመረጣል ይላል። ሰው ሪፕላይ ሲያደርግ ፕሮግራሙ በየመስመሩ መጀመሪያ > እና አንድ ክፍት ቦታ ይጨምራል። እስከ ጠርዝ ሞልቶ የነበረው መስመር በሁለት ፊደል ይረዝምና ልኩን ያልፋል። አንዳንዱ ፕሮግራም ያኔ እንደገና ይቆርጠዋል። የመጨረሻው ቃል ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፣ ያውም ያለ ምልክት። መስመር ሰባበረ ተብሎ ዎርድ ይወቀሳል እንጂ ስብራቱ ከኢሜይሉ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ከመስመሩ ጋር አብሮ ካለቀ፣ አማርኛ ላይ የመጨረሻው ቃል ምንድን ነው? ግሱ ነው። «አይደለም» ነው፣ «አንችልም» ነው፣ «እንከፍላለን» ነው። የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ የሚገለብጠው ቃል ነው ተነጥሎ የሚወርደው።

አንድ ያየሁትን ላሳያችሁ። የቢሮ ዕቃ ግዢ ነበር። ሻጩ ዋጋ ላከ፣ ገዢው መለሰ፣ የገዢው መልስ ውስጥ የሻጩ ቃል እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል፦

```
> በዝርዝሩ ላይ የተጠቀሱት የጠረጴዛዎቹና የወንበሮቹ ጠቅላላ ዋጋ 480,000 ብር ሲሆን ይህ ዋጋ ቫትን ያካተተ
አይደለም።
> ርክክቡ በሰኔ ወር ይሆናል።
```

ሻጩ የጻፈው «ቫትን ያካተተ አይደለም» ብሎ ነው። መስመሩ ከነነጥቡ 76 ፊደል ይሆናል። ሪፕላይ ሲደረግ 78 ሆነ፣ የገዢው ፕሮግራም ደግሞ የሚቆርጠው 76 ላይ ስለነበር «አይደለም» ወደቀች። ሰነዱን ያጸዳው ልጅ ምልክት የሌላትን መስመር ሲያይ የገዢው መልስ መሰለችው። ስለዚህ አባሪው ላይ ሻጩ «ዋጋው ቫትን ያካተተ» አለ፣ ገዢው «አይደለም» ብሎ ተከራከረ ተብሎ ተጻፈ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፣ በ480,000 ብር ላይ 72,000 ብር ማለት ነው። የሁለት ቢሮ ሰዎች በዚህች አንድ ቃል ተጨቃጭቀው ነው ወረቀቱ እኔ ጋ የመጣው። ዋናው ኢሜይል ሲከፈት ነገሩ ወዲያው ተፈታ።

እንዲህ ያለችውን መስመር መለየት አይከብድም። ከላይም ከታችም > ባላቸው መስመሮች መሀል ትገባለች። አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ትይዛለች። ከሷ በላይ ያለው መስመር እስከ ጠርዝ የሞላና አራት ነጥብ የሌለው ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተገጣጠሙ ቃሏ የላይኛው መስመር ናት፣ በእጅ መልሷት።

ማጽዳቱ እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የወደቁትን ቃላት መልሱ። ቀጥሎ የምልክቱ ቁጥር በሚቀየርበት ቦታ ሁሉ የተናጋሪውን ስም ጻፉ፣ «ሻጭ፦»፣ «ገዢ፦» እያላችሁ፣ ከላይና ከታች ባዶ መስመር እየተዋችሁ። ይህ ሳያልቅ ምንም አታጥፉ። ከዚያ `Ctrl+H` ከፍታችሁ፣ መስመሮቹ የታጠፈ ቀስት በሚመስለው ምልክት የሚያልቁ ከሆነ መጀመሪያ `^l`ን፣ ማለትም የመስመር መቁረጫውን፣ በ`^p`፣ ማለትም በአንቀጽ መጨረሻው፣ ቀይሩ። ቀጥሎ ይህን፦

```
Find what:     ^p>
Replace with:  ^p
```

ይህ የሚያጠፋው መስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ብቻ ነው። በዓረፍተ ነገር መሀል «ከ5,000 ብር > ከሆነ» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ አይነካበትም። ሁለት ሦስት ድርብ ስለሚኖር ዜሮ እስኪል ድገሙት። ምልክቶቹ በክፍት ቦታ ከተለያዩ በየመሀሉ `^p` እና አንድ ክፍት ቦታን በ`^p` መቀየር ያስፈልጋል። የገጹ የመጀመሪያ መስመር ከፊቱ `^p` ስለሌለው በእጅ ይጠፋል።

የተሰባበሩትን መስመሮች ለማገጣጠም ደግሞ `^p^p`ን በ`@@@` ቀይሩ፣ ከዚያ `^p`ን በክፍት ቦታ፣ በመጨረሻ `@@@`ን ወደ `^p` መልሱ። ይህን የምታደርጉት ግን ተራውን ጽሑፍ ብቻ መርጣችሁ ነው። የዋጋ ዝርዝርና ከደብዳቤው ግርጌ ያለው ስምና ስልክ ከተካተተ ሁሉም አንድ አንቀጽ ሆኖ ይጣበቃል።

«Keep Text Only ብሎ መለጠፍ ሁሉንም ይፈታል»

መልኩን ያሳምረዋል፣ ማን እንደተናገረ ግን ይዞት ይሄዳል። ዛሬ አብዛኛው ኢሜይል > አይጠቀምም። የቀድሞውን መልእክት የሚለየው በግራ በኩል በሚሰመር መስመርና ወደ ውስጥ በመግባት ነው። ያ መስመር ፊደል አይደለም፣ የአንቀጹ ቅርጽ ነው። ጽሑፉን ብቻ ስትለጥፉ ቅርጹ ይቀራል፣ ሁሉም አንድ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል።

ከዚህ የባሰው «መልሴን ከታች በቀይ አስገብቻለሁ» የሚለው የቢሮ ልማድ ነው። ሰውየው በጥያቄዎቹ መሀል በቀይ ቀለም ይመልሳል። `Keep Text Only` ቀይዋን ያጠፋታል። ጥያቄና መልስ ተቀላቅለው አንድ አንቀጽ ይሆናሉ፣ «በአሥር ቀን ይደርሳል? በሃያ» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ልውውጥ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ቀለሙን ሳታጠፉ ለጥፉ። በየቀዩ ጽሑፍ ፊት የመላሹን ስም ጻፉ። ከዚያ በኋላ አንቀጹን መርጣችሁ `Ctrl+Q` ስትጫኑ የግራው መስመርና ገብ ማለቱ ይጠፋል፣ `Ctrl+Space` ደግሞ ቀለሙን ያነሳል።

«From፣ Sent፣ To የሚሉት ስለተደጋገሙ አንዱን ትቼ ሌላውን አጠፋለሁ»

የሚደጋገሙት እያንዳንዱ ሪፕላይ ከሱ በፊት የነበረውን ሁሉ ጭራው ላይ ይዞ ስለሚሄድ ነው። አምስቱን ኢሜይል አንድ በአንድ ከለጠፋችሁ የመጀመሪያው ደብዳቤ አምስት ጊዜ ይመጣል። መፍትሔው የመጨረሻውን ኢሜይል ብቻ መለጠፍ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የማይሠራው አንድ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ለሁለተኛው ኢሜይል ከመለሰ ነው። የሱ መልስ የመጨረሻው ጭራ ላይ የለም። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት በኢሜይል ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች ቁጠሩ፣ ሰነዱ ላይ ካሉት `From:` ጋር አስተያዩ።

ስታጠፉ ደግሞ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። `Sent:` ላይ የሚታየው ሰዓት የላኪው አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሪፕላይ ያደረገው ሰው ኮምፒውተር ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ማክሰኞ 4:12 PM ላይ የላከውን፣ ዋሽንግተን ያለው ሰው በሰኔ ሲመልስለት ከታች 9:12 AM ሆኖ ይጻፋል። በእነሱ በጋ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ በእነሱ ክረምት ስምንት። ሰነዱ ላይ ሁለቱም ሲገኙ አንዱ ደብዳቤ ሁለት ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተላከ ከሆነ ደግሞ ቀኑም ይለወጣል፣ ረቡዕ የነበረው ማክሰኞ ይሆናል። የጨረታ መዝጊያ ወይም የመክፈያ ቀን ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ሁለቱ አንድ ደብዳቤ መሆናቸውን ደቂቃው ይነግራችኋል፣ 12 ደቂቃው በሁለቱም አንድ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ዋናውን ኢሜይል ክፈቱ። ጂሜይል ላይ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ `Show original` ስትሉ `Date:` የሚል መስመር ታገኛላችሁ። መጨረሻው ላይ `+0300` ካለ የኢትዮጵያ ሰዓት ነው። ሰነዱ ላይ የሚገባው ይህ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ከቀየራችሁትም (4:12 PM ከቀኑ 10:12 ነው) መቀየራችሁን በግርጌ ጻፉ።

«ሰነዱን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው»

አይደለም፣ አዲሱ ከላይ ነው፤ ከሥር ጀምሩ።

«>From ብሎ የሚጀምር መስመር ካለ ከሌላ ሰው የተጠቀሰ ነው»

ላይሆን ይችላል። ኢሜይሎች `mbox` በሚባለው ፋይል ሲቀመጡ አዲስ ደብዳቤ መጀመሩ የሚታወቀው `From` እና ክፍት ቦታ ባለው መስመር ነው። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንቀጹን በዚያው ቃል ከጀመረ ፕሮግራሙ እንዳይምታታ ብሎ > ይለጥፍበታል። ከመጠባበቂያ ፋይል የወጣ የቆየ ልውውጥ ላይ ይህ ይበዛል። ከላይና ከታቹ ያሉት መስመሮች ምልክት ከሌላቸው የዚያው ጸሐፊ ቃል ነው፣ ያቺን አንዷን > አጥፏት።