መሪው ያንጠለጥላል፣ ሕዝቡ ያሳርፋል፦ የመዝሙር ምሪትና አቀባበል

በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁለት ቃላትን ገና በልጅነቱ ያውቃቸዋል፤ መሪና ተቀባይ። መሪው ብቻውን ያወጣል። ተቀባዮቹ አንድ ላይ ይመልሳሉ። ሕዝቡ ደጋግሞ የሚመልሰው ክፍል አዝማች ይባላል። መሪው በየተራው የሚቀያይረው ደግሞ አንጓ ነው።

ይህ አዘማመር የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የወሎ መንዙማም መሪና ተቀባይ፣ አዝማችም አለው። የቡሄ ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ ጨፋሪው ስንኙን ያወጣል፣ ጓደኞቹ «ሆ!» ይላሉ። ከዚህ ያጠረ መልስ የለም። ቢሆንም ሥራውን በደንብ ይሠራል። ጨፋሪው ትንፋሽ የሚወስደውና የሚቀጥለውን ስንኝ የሚያስበው በዚያች «ሆ» ውስጥ ነው። እዚህ ግን የማተኩረው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ነው፤ ያደግሁበትም የማውቀውም እሱን ነው።

መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል። ዲያቆኑ ለጸሎት ተነሡ ብሎ ያዛል፣ ሕዝቡ አቤቱ ይቅር በለን ብሎ ይጸልያል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው። አንዱን ብቻ ብትሰማ ትርጉሙ አይጎድልብህም።

የፋሲካው አዋጅ ግን ሌላ ነው። ከትንሣኤ ጀምሮ ለ50 ቀን በየአገልግሎቱ መጀመሪያ ይባላል፦

ካህን፦ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን
ሕዝብ፦ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን
ካህን፦ አሰሮ ለሰይጣን
ሕዝብ፦ አግዐዞ ለአዳም
ካህን፦ ሰላም
ሕዝብ፦ እምይእዜሰ
ካህን፦ ኮነ
ሕዝብ፦ ፍሥሐ ወሰላም

መጨረሻውን ልብ ብላችሁ እዩት። «እምይእዜሰ ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው። ግን ማንም ብቻውን ሙሉውን አይለውም። ሕዝቡ «ከእንግዲህ» ይላል፣ ካህኑ «ሆነ» ይላል፣ ሕዝቡ «ደስታና ሰላም» ብሎ ይዘጋዋል። ካህኑ «ኮነ» ብሎ ቢቆምና ሕዝቡ ዝም ቢል ነገሩ አየር ላይ ይቀራል። ምን ሆነ? ስለዚህ ግዕዝ የማያውቅ ልጅ እንኳን ተራው ሲደርስ አይሳሳትም። ጆሮው የጎደለውን ነገር ይሰማል።

ጥሩ ምሪት ማለት ለእኔ ይህ ነው። መሪው ሐሳቡን ጨርሶ አይሰጥም። ጎደሎ አድርጎ ያንጠለጥለዋል። የሚያሳርፈው ሕዝቡ ነው።

አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። ግዕዝ ግሱን ብዙ ጊዜ ወደፊት ያመጣዋል። «ኮነ» በካህኑ አፍ የቀረው፣ «ፍሥሐ ወሰላም» ለሕዝቡ የደረሰው ለዚህ ነው። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ ዐረፍተ ነገሩ አያልቅም። ስለዚህ ግጥም ጸሐፊው ምክንያቱን፣ ጊዜውንና ቦታውን ለመሪው ሰጥቶ ማሰሪያ አንቀጹን ለሕዝቡ ማስቀረት ይችላል።

በምሳሌ ብናየው ይሻላል። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አጭር መዝሙር ልሥራ። ሁልጊዜ ከአዝማቹ ነው የሚጀመረው፦

እናመሰግንሃለን፣
ስምህን እንጠራለን።

እያንዳንዱ ስንኝ በአፍ ሲባል 8 ቀለም ነው። ሁለቱም በ«ለን» ቤት ይመታሉ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ይቻላል። አሁን የመሪው አንጓ፦

በጨለማው ሌሊት በእጅህ ስለያዝኸን፣
ከጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ስበህ ስላወጣኸን፣

እዚህ ላይ መሪው ይቆማል። «ስላወጣኸን...» ታዲያ ምን? ሕዝቡ «እናመሰግንሃለን» ሲል ዐረፍተ ነገሩ ታሰረ። ማንም እጁን ማወዛወዝ አላስፈለገውም። ሁለተኛው አንጓ፦

ዝናቡ ሲዘገይ ደጅህ ላይ ስናለቅስ፣
ደመናህን ልከህ መሬቱ ሲረሰርስ፣

አሁን ማያያዣው «ስለ» መሆኑ ቀርቶ «ሲ» ሆኗል። ቤቱም በ«ን» ሳይሆን በ«ስ» ይመታል። ግን ሥራው ያው ነው። «ሲረሰርስ» ብሎ የሚያልቅ አማርኛ የለም፤ የግድ ማሰሪያ ይፈልጋል። የአንጓዎቹ ስንኞች በቀለም ቁጥር ትንሽ ቢለያዩም ችግር የለውም። መሪው የመጨረሻውን ድምፅ ሳብ ሲያደርገው ልዩነቱ ይጠፋል። ብቻውን ስለሚዘምር ይህን ማድረግ ይችላል። ሕዝቡ ግን ብዙ ነው። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ሳብ ወይም ቆረጥ ሊያደርግ አይችልም። አንጓው ትንሽ ቢዛባ የሚቻለው፣ አዝማቹ ግን ሁልጊዜ አንድ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ያንኑ አንጓ እንዲህ ብጽፈውስ?

በጨለማው ሌሊት በእጅህ ይዘኸናል፣
ከጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ስበህ አውጥተኸናል።

ትርጉሙ አልተለወጠም። ቤቱም ይመታል። ግን «አውጥተኸናል» ሲል ነገሩ አለቀ። አራት ነጥብ ነው። አዲስ ሰው ሌላ ስንኝ ይምጣ፣ እሱ ይግባ አያውቅም። ብዙ ተወዳጅ መዝሙሮች በእንዲህ ዓይነት የታሰረ ስንኝ ይዘመራሉ፤ ግን ያኔ መግቢያውን የሚያሳየው ዜማው፣ ከበሮው ወይም የመሪው እጅ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ከበሮው የሸፈነው ድክመት ያን ጊዜ ይወጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንጓውን መዝሙሩን ለማያውቅ ሰው ያለ ዜማ ያንብቡለትና መጨረሻው ቃል ላይ ይቁሙ። ሰውዬው ዓይን ዓይንዎን እያየ ከጠበቀ አንጓው ይሠራል። ራሱን ነቅንቆ «ጥሩ ነው» ካለ ዘግተውታል።

ይህ አሠራር ተገልብጦም ይገኛል። መዝሙረ ዳዊት 135ን ውሰዱ፤ በሌላው አቆጣጠር 136 የሚባለውን ማለት ነው። 26 ቁጥር አለው። እያንዳንዱ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ብሎ ያልቃል፤ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና። እዚያ ማሰሪያው በፊት ይመጣል፣ የሚደጋገመው መልስ ምክንያቱ ነው። በእኛ ምሳሌ ምክንያቱ የመሪው ነው፣ ምስጋናው የሕዝቡ። ሁለቱም ጋ ግን አንዱ ወገን ያለ ሌላው ሙሉ አይደለም።

ዜማውም ከቃሉ ጋር መስማማት አለበት። ቃሉ ተንጠልጥሎ ዜማው ወደ ማረፊያው ከወረደ ጆሮ ይምታታል። «ስላወጣኸን» ከፍ ብሎ ቢቀርና ሕዝቡ «እንጠራለን» ላይ ወደ ታች ቢያሳርፈው ግን ቃሉና ዜማው አንድ ነገር ይናገራሉ።

ስህተት በብዛት የሚገባበት ሌላ ቦታ ተናጋሪውና የሚነገርለት አካል ነው። ሦስተኛው አንጓ «እመቤቴ ማርያም አማልደሽ ስላዳንሽን» ቢል ጥሩ ስንኝ ነው። ግን ሕዝቡ «እናመሰግንሃለን» ብሎ ይቀበላል። «ሽ» ብለን ጀምረን በ«ሃ» ጨረስን። ለእመቤታችን ከሆነ አዝማቹ «እናመሰግንሻለን» መሆን ነበረበት። አዝማች ደግሞ አይቀየርም፤ ከተቀየረ ግማሹ ሰው አሮጌውን፣ ግማሹ አዲሱን ይላል። ስለዚህ መታረም ያለበት አንጓው ነው፦ «እናትህን ሰጥተህ አማላጅ ስላረግህልን» ማለት ይቻላል። «እኔ» እና «እኛ»ም እንዲሁ ይጋጫሉ። መሪው «ስላወጣኸኝ» ካለ በኋላ ሕዝቡ «እናመሰግንሃለን» ማለቱ ነውር የለውም፤ አንዱ ሲመሰክር ሌሎቹ አብረውት ያመሰግናሉ። አዝማቹ «አመሰግንሃለሁ» ሆኖ አንጓው «ስላወጣኸን» ሲል ግን ነገሩ ይሰነካከላል።

ከግጥሙ ውጭ የሚያበላሸው ነገር የድምፅ አነሣስ ነው። አንድ ዓመት በጥምቀት በዓል መዝሙር እመራ ነበር። ደስ ብሎኝ ለራሴ ድምፅ በሚመቸኝ ከፍታ አነሣሁ። አንጓው አልከበደኝም። አዝማቹ ላይ ግን ከፍ የሚል ቦታ ነበረው። መጀመሪያ ወንዶቹ ወደ ታች ወረዱ። ቀጥሎ እናቶች ዝም አሉ። የቀሩት ሕፃናቱ ብቻ ነበሩ፤ ጮኸው ጨረሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ከማንሣቴ በፊት የአዝማቹን ከፍተኛ ድምፅ በልቤ አዜማለሁ። እሱ ለሕዝቡ የሚደርስ ከሆነ ነው የምጀምረው።

ሌላው የመሪ ችኮላ ነው። ሕዝቡ «ስምህን እንጠራ...» ሲል «ለን» ሳይደርስ መሪው ቀጣዩን አንጓ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ሕዝቡ ራሱ መጨረሻውን መዋጥ ይለምዳል። መፍትሔው አዝማቹን ከሕዝቡ ጋር እስከ መጨረሻው ቀለም መዘመርና አብሯቸው መተንፈስ ነው።

አዲስ መዝሙር ሲሆን መሪው በቀጥታ ወደ አንጓው አይገባም። አዝማቹን ብቻውን ያወጣል፣ ሕዝቡ ይደግመዋል። እንደገና ያወጣል፣ እንደገና ይደግማሉ። በጽሑፍ የያዘ ሰው ብዙ ስላልሆነ ማስተማሪያው ይኸው ነው። በውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ያሉበት አጥቢያም አዝማቹ አጭር ከሆነ ፊደሉን የማያነበው ልጅ በሁለተኛው ዙር ይይዘዋል። አንጓውን ባይረዳ እንኳን ተራው መቼ እንደሆነ ያውቃል።

መጨረሻውም መታወቅ አለበት። አንጓው ሲያልቅ መሪው አዲስ ስንኝ አያወጣም፤ አዝማቹን ራሱ ያነሣዋል። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ማለቁን ያውቃል። «ስምህን እንጠራለን» ሁለት ጊዜ ይባላል፣ ሁለተኛው ቀስ ይላል፣ ከዚያ እልልታው ይቀበለዋል።